በ1979 ሮክ ውስጥ ምን ገባ? ስለ ኒው ዌቭ፣ ፖስት ፓንክና ሲንተሳይዘር የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራችሁ በአብዛኛው ስለ አንድ ዓመት ነው፤ ስለ 1979። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ የነበረ ሰው ሬዲዮ ሲከፍት፣ ሸክላ ቤት ሲገባ፣ ሦስት በጣም የተለያዩ ነገሮች ይሰማ ነበር። በፌብሩዋሪ ብሎንዲ የሚባለው የኒው ዮርክ ባንድ «ሃርት ኦፍ ግላስ» በተባለው ዘፈኑ ከሽያጭ ሰንጠረዡ አናት ላይ ነበር። በጁን ጆይ ዲቪዥን የሚባሉ አራት ወጣቶች ከማንቸስተርና ከአካባቢዋ ተነስተው «አንኖውን ፕሌዠርስ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። እዚያው ጁን መጨረሻ ላይ ደግሞ ጌሪ ኑማን የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ከባንዱ ከቱብዌይ አርሚ ጋር «አር ፍሬንድስ ኤሌክትሪክ?» በሚለው ዘፈን አንደኛ ወጣ። አራት ሳምንት እዚያው ቆየ።

ሦስቱም የመጡት ከአንድ ሰፈር ነው፤ ከፓንክ። ብሎንዲ የኒው ዮርክ ፓንክ በተወለደበት በሲቢጂቢ ክበብ ይጫወት ነበር። ከጆይ ዲቪዥን አባላት ሁለቱ፣ በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ፣ የፓንክ ባንዱ ሴክስ ፒስቶልስ በጁን 1976 ማንቸስተር ላይ ሲጫወት አይተው ነው ባንድ እናቋቁም ያሉት። ኑማንም ሲጀምር ጊታር ይዞ ፓንክ የሚጮህ ልጅ ነበር። ታዲያ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ምን አራራቃቸው? አንዱን ኒው ዌቭ፣ ሌላውን ፖስት ፓንክ የምንለውስ በምን ሚዛን ነው? በሦስቱም ሥራ ውስጥ የሚሰማው የኤሌክትሮኒክስ ድምፅስ ከየት መጣ?

ከስሞቹ እንነሳ። ኒው ዌቭ የሚለው ስም መጀመሪያ ላይ ፓንክን ራሱን ለመጥራት ነበር የሚያገለግለው። ሁለቱን ቃላት ጋዜጠኞቹ እያፈራረቁ ይጽፏቸው ነበር። በኋላ ግን ነጋዴዎቹ ገቡበት። ሳየር የሚባለው የኒው ዮርክ ሸክላ አሳታሚ ባለቤት ሲሞር ስታይን እንደ ቶኪንግ ሄድስ ያሉ ባንዶችን ይዟል። የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ደግሞ ፓንክ የሚል ቃል ሲሰሙ በሩን ይዘጋሉ። ስለዚህ ኒው ዌቭ የሚለውን ስም ገፋበት። ስሙ እንደ ሽያጭ ምልክት ተያዘ። ይሄ ባንድ ከፓንክ ዘመን ነው፣ ግን ሬዲዮ ላይ ብታጫውቱት ማንንም አያስደነግጥም ማለት ሆነ።

ፖስት ፓንክ የሚለው ቃል ታሪኩ ሌላ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጥቂት ጸሐፊዎች ይጠቀሙበት ነበር። ሙዚቀኞቹ ግን ራሳቸውን በዚህ ስም ሲጠሩ ብዙም አይሰማም። በሰፊው የተለመደው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ስሞቹ የወጡት ለተለያየ ሥራ መሆኑን ያዙልኝ። አንዱን ሻጩ አወጣው፣ ሌላውን አድማጩና ጸሐፊው ወደ ኋላ ዞረው አጸደቁት። አንድ ባንድ በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ስሞቹ ቢደባለቁም በጆሮ የሚለይ ልዩነት አለ። እሱን ለመስማት ግን ፓንክ የጎደለውን ነገር ማየት ያስፈልጋል። ፓንክ በአለባበስ፣ በግጥም፣ በአቋም አመፀ። ሙዚቃው ራሱ ግን ያው የድሮ ሮክ ነበር፤ ሦስት ኮርድ፣ ጊታሩ ጮክ፣ ድራሙ ቶሎ ቶሎ። የሴክስ ፒስቶልስን ጊታር ብቻውን ብትሰሙት ከ1950ዎቹ የሮክ ኤንድ ሮል ጊታር ብዙ አይርቅም። ባንዱ በጃንዋሪ 1978 ሲፈርስ ይህ ጉድለት ፊት ለፊት ወጣ። አመፁ ተካሂዷል፣ አሁን ምን እንጫወት?

እዚህ ላይ ነው መንገዱ ሁለት ቦታ የተከፈለው። ኒው ዌቭ የምንላቸው ባንዶች ዘፈኑን ጠብቀው አቆዩት። መግቢያ አለው፣ አዝማች አለው፣ አንዴ ሰምታችሁት የምታንጎራጉሩት ዜማ አለው። ከፓንክ የወሰዱት ፍጥነቱን፣ አጭርነቱንና ቆንጠር የሚያደርግ ጠባዩን ነው። ፖስት ፓንክ የምንላቸው ደግሞ አመፁን ወደ ሙዚቃው ውስጥ አስገቡት። ጊታር ለምን ይመራል? አዝማችስ ለምን ያስፈልጋል? ቤዝ ለምን ከኋላ ይቆማል? እያሉ ዘፈኑን ፈቱት። የሴክስ ፒስቶልስ ድምፃዊ የነበረው ጆን ላይደን ራሱ ፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድ የሚባል ባንድ አቋቁሞ በ1979 «ሜታል ቦክስ»ን አወጣ። በክብ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የተቀመጡ ሦስት ሸክላዎች ናቸው። ቤዙ ከፊት ሆኖ ደብ እንደሚባለው የጃማይካ ሙዚቃ ይከብዳል፣ ጊታሩ ከላይ ይፋጫል፣ ዘፈኖቹ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ ይደርሳሉ።

ልዩነቱን በቅርብ ለማሳየት ሁለት ሸክላዎችን ላነጻጽር። «ሃርት ኦፍ ግላስ» ብሎንዲዎች ለዓመታት በሌላ መልክ ሲጫወቱት የነበረ ዘፈን ነው። ለ1978 አልበማቸው ፕሮዲዩሰሩ ማይክ ቻፕማን ሲያነሳው ሮላንድ ሲአር 78 የሚባል ትንሽ ድራም ማሽን አስገቡበት። ስታዳምጡት ከመግቢያው ጀምሮ ቲክ ቲክ የሚል ቀጭን ምት ትሰማላችሁ፤ እሱ ነው። ሰውየው ድራመር ክሌም በርክ እዚያ ማሽን ላይ ይጫወታል። በማሽን ምት ላይ ሰው ስንዝር ሳያመልጥ መምታት ቀላል አይደለም። ምክንያቱም ማሽኑ አይጠብቅም፤ ድራመሩ ትንሽ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ሁለቱ ምቶች ተለያይተው ይሰማሉ። ይህ ሁሉ ድካም ግን የሚያገለግለው ዘፈኑን ነው። ደቢ ሃሪ የምትዘፍነው ዜማ ከፊት ነው፤ ማሽኖቹ ከሥር ሆነው ያቅፉታል። ኒው ዌቭ ይህ ነው። አዲስ መሣሪያ፣ የታወቀ የዘፈን ቅርጽ።

አሁን ወደ «አንኖውን ፕሌዠርስ» ኑ። ቤዝ ጊታሩ ዜማውን ይዟል። ፒተር ሁክ ከፍ ባሉት ክሮች ላይ መጫወት የጀመረው በልምምድ ቦታ የሰምነር ጊታር በጣም ስለሚጮህ የራሱን ወፍራም ድምፅ መስማት ስላቃተው እንደሆነ ተናግሯል። ከፍ ሲል ተሰማው። እዚያው ቀረ። ቤዙ ዜማ ሲይዝ ጊታሩ ሥራ አጣ፤ አልፎ አልፎ ብቻ እየገባ መቧጨር ጀመረ። ድራመሩ ስቲቨን ሞሪስ ደግሞ ሳይደክም አንድ ምት ይደጋግማል።

አልበሙን ስቶክፖርት ውስጥ ስትሮውቤሪ ስቱዲዮ ያዘጋጀው ማርቲን ሃኔት ይባላል። ሃኔት ድምፆች እርስ በርስ እንዲነካኩ አይፈልግም ነበር። የሞሪስን ድራሞች በአንዳንድ ዘፈኖች አንድ በአንድ ለየብቻ አስቀረጻቸው። ድራመር የሆነ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቀዋል፤ እጅና እግራችሁ አብረው የለመዱትን ነገር ለያይታችሁ መጫወት ነው። ከዚያ ድምፁን በኤኤምኤስ ዲጂታል ዲሌይ አሳለፈው። ይህ ማሽን የሰማውን ድምፅ ይዞ፣ ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ቅንጣት አዘግይቶ ይመልሰዋል። መዘግየቱ ጥቂት ከሆነ ጆሯችሁ ሁለተኛ ምት አይሰማም፣ ቦታ ነው የሚሰማው። ድራሙ ባዶ ፋብሪካ ውስጥ የተመታ ይመስላል። ሰምነርና ሁክ መጀመሪያ ሲሰሙት አልወደዱትም፤ መድረክ ላይ እንደሚጮሁት አልነበረም። በእኔ አስተያየት ግን ያን አልበም እስከ ዛሬ ያኖረው ይህ ባዶ ቦታ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ብቻውን ቆሟል። በመሃላቸው አየር አለ።

ይህን አየር አስታውሱት፤ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ሲንተሳይዘር የገባው በእሱ በኩል ነው።

ሲንተሳይዘር በ1979 አዲስ አልነበረም። ቦብ ሙግ ማሽኖቹን መሥራት የጀመረው በ1964 ነው። ተንቀሳቃሹ ሚኒሙግ በ1970 ሲመጣ ዋጋው ወደ 1,500 ዶላር ነበር። የሮክ ሙዚቀኞችም አልዘገዩም፤ ኪት ኤመርሰንን የመሳሰሉ ኪቦርድ ተጫዋቾች ረጃጅም ሶሎ ይጫወቱበት ነበር። ነገር ግን ያ የሀብታምና የተማረ ሰው መሣሪያ ነበር። ፒያኖ ለዓመታት የተማረ፣ ትልልቅ አዳራሽ የሚሞላ፣ መሣሪያውን በጭነት መኪና የሚያስጭን ሰው። ፓንክ የተነሳው በዚህ ዓይነቱ ሙዚቀኛ ላይ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ጊታር ወዳዶቹ ማሽኑን እንደ ማጭበርበር ያዩት ነበር። ኩዊን በ1970ዎቹ አልበሞቹ ላይ ምንም ሲንተሳይዘር እንዳልተጠቀመ ያስጽፍ ነበር። ያን ልማድ የተወው በ1980 ነው።

ታዲያ ፒያኖ የማይችል፣ ገንዘብ የሌለው፣ እነዚያን ኪቦርድ ተጫዋቾች የሚጠላ ትውልድ እንዴት የእነሱን መሣሪያ አነሳ?

ትልቁ ምክንያት ዋጋ ነው። በ1978 ዋስፕ የሚባል እንግሊዝ የተሠራ ሲንተሳይዘር ወጣ። ቢጫና ጥቁር ነው፤ የሚጫን ቁልፍ የለውም፤ ጣታችሁን ስታሳርፉበት ነው የሚጮኸው። ዋጋው 199 ፓውንድ ነበር። በዚያው ዓመት የጃፓኑ ኮርግ ኤምኤስ 10 እና ኤምኤስ 20ን አወጣ። ከዚያም የባሰ ርካሽ መንገድ ነበረ፤ ራስህ መሥራት። ፓወርትራን የሚባል ድርጅት ትራንሴንደንት 2000 የተባለውን ሲንተሳይዘር ክፍሎቹን በካርቶን አድርጎ ይሸጥ ነበር። ገዝተህ፣ ቤትህ ተቀምጠህ፣ እያንዳንዱን ክፍል ትበይዳለህ። የጆይ ዲቪዥኑ ሰምነር ያደረገው ይህንኑ ነው። ባንዱ ሲንተሳይዘር ሲጀምር በእጁ የበየደውን ይዞ ነበር።

ሌላው ነገር ማሽኑ ራሱ ነው። እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ላሳያችሁ። ኦሲሌተር የሚባል ክፍል አለው፤ ኤሌክትሪክ እያወዛወዘ ጥሬ፣ ቀፋፊ፣ በቅንጣቶች የተሞላ ድምፅ ያወጣል። ቀጥሎ ፊልተር አለ፤ ከዚያ ጥሬ ድምፅ ላይ ቀጭን ቀጭኑን እየቆረጠ ይጥላል። ፊልተሩ ምን እንደሚያደርግ በገዛ አፋችሁ መስማት ትችላላችሁ። «ኡ» በሉና ድምፃችሁን ሳታቋርጡ አፋችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ «ኣ» ክፈቱት። ኖታው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያልፈው ብቻ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ድምፁ ቶሎ ይነሳ ወይስ ቀስ ብሎ፣ ወዲያው ይሙት ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስን ክፍል አለ። ይህን ሁሉ የምታዙት በማዞሪያዎች ነው። ኖታ ማንበብ አያስፈልግም። ጆሮና ትዕግሥት ይበቃል።

ከርካሾቹ ማሽኖች አብዛኛዎቹ፣ ሚኒሙግም ጭምር፣ አንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ነው የሚያወጡት። ሦስት ቁልፍ ብትጫኑ አንዱ ብቻ ይጮሃል። ኮርድ ለለመደ ፒያኖ ተጫዋች ይህ እስር ቤት ነው። በአንድ ጣት ለሚጫወት ልጅ ግን ችግር አይደለም። ቅድም ያልኳችሁን አየር አስታወሳችሁ? ፖስት ፓንክ ሙዚቃውን ቀድሞ ወደ ነጠላ ነጠላ መስመር ፈትቶታል። ቤዝ አንድ መስመር፣ ጊታር አንድ ጭረት፣ ድራም አንድ ድግግሞሽ። አንድ ኖታ ብቻ የሚችል መሣሪያ በመሃሉ ሲገባ ቦታው ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው። ኮርድ በሚያጓራ የፓንክ ጊታር ሥር ቢገባ ኖሮ አይሰማም ነበር።

አርአያም ነበራቸው። የጀርመኑ ክራፍትቨርክ በ1974 በ«አውቶባን» አሳይቷል። ዴቪድ ቦዊ ከብራያን ኢኖ ጋር የሠራው «ሎው» በጃንዋሪ 1977 ወጣ። በዚያው ዓመት ጆርጂዮ ሞሮደር ለዶና ሰመር ያዘጋጀው «አይ ፊል ላቭ» ዳንስ ቤቱን ያዘው፤ ከድምፃዊቷና ከእግር ድራሙ በቀር ሙዚቃው ከሞላ ጎደል በሙግ ሲንተሳይዘር የተሠራ ነው። በእነዚህ ሦስት ሥራዎች ውስጥ ሲንተሳይዘሩ ሶሎ አይጫወትም። ችሎታ ለማሳየት አልገባም። ቀዝቃዛ ሆኖ ይደጋግማል። ለፓንክ ልጆች ይህ ነበር በሩን የከፈተላቸው።

የጌሪ ኑማን ታሪክ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ያሳያል። በ1978 ቱብዌይ አርሚ የመጀመሪያ አልበሙን ሊቀርጽ ካምብሪጅ ወዳለው ስፔስዋርድ ስቱዲዮ ሄደ። ኑማን ይዞ የሄደው የፓንክ ዘፈኖች ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች የተዉት ሚኒሙግ ቆሟል። ኑማን ሲንተሳይዘር ነክቶ አያውቅም። ማዞሪያዎቹ በሆነ ቦታ ላይ እንደተተዉ ነበሩ። አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ክፍሉን የሚያንቀጠቅጥ ወፍራም ድምፅ ወጣ። እዚያው የጊታር ዘፈኖቹን በሲንተሳይዘር ይሞላቸው ጀመር። ማዞሪያዎቹ ሌላ ቦታ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ቀጭን ጩኸት ይወጣ ነበር። ሚኒሙግ ማስታወሻ የለውምና ያገኘኸውን ድምፅ ካልመዘገብክ ነገ አታገኘውም። ሙዚቀኞች የማዞሪያዎቹን ቦታ በወረቀት ላይ እየሳሉ ያስቀምጡ ነበር። ከዚያም በላይ ማሽኑ ሲሞቅ ቅኝቱ ይሸሻል። ቀድማችሁ ካላበራችሁትና ካላሞቃችሁት፣ ዘፈኑ መሃል ላይ ከቤዙ ጋር ሲለያይ ትሰማላችሁ። መድረክ ላይ በመብራት ሙቀት ደግሞ ይብሳል።

በሴፕቴምበር 1979 ኑማን ያወጣው «ዘ ፕሌዠር ፕሪንሲፕል» የተባለው አልበም ጊታር የሚባል ነገር የለበትም። «ካርስ» የሚለው ዘፈን ያለው እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን በደንብ አድምጡት። ቤዝ ጊታሩ እውነተኛ ነው፤ ዘፈኑም መጀመሪያ የተሠራው በቤዝ ነው። ድራሙን የሚመታው ሰው ነው። ከሮክ ባንዱ የተነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በቦታው ፖሊሙግና ሚኒሙግ ገቡ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ሲንተሳይዘር ሮክ ውስጥ የገባው ባንዱን ሊያፈርስ አልነበረም። በዚህ ዘመን በአብዛኛው የወሰደው የመሪ ጊታሩን ወንበር ነው። ቤዝና ድራም እንዳሉ ቀሩ፤ ለዚህም ነው ሙዚቃው አሁንም እንደ ሮክ የሚመታው።

ኑማን የቱ ነው ታዲያ፣ ኒው ዌቭ ወይስ ፖስት ፓንክ? ድምፁ ቀዝቃዛና ብቸኛ ነው፤ በዚያ በኩል የጆይ ዲቪዥን ዘመድ ይመስላል። ዘፈኖቹ ግን በሲንተሳይዘሩ ዜማ ላይ ተንጠልጥለው ሚሊዮን ሰው ያንጎራጉራቸዋል። እኔ ኒው ዌቭ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ምክንያቴም መሣሪያው አይደለም፤ ማሽኑ ለዜማው ስለሚያገለግል ነው።

በመሣሪያ መለየት እንደማይቻል የሼፊልዱ ሂውማን ሊግ ምስክር ነው። በ1978 ያወጡት «ቢይንግ ቦይልድ» ሙሉ በሙሉ በሲንተሳይዘር የተሠራ ነው፤ ጨለማ፣ ጎርበጥባጣ፣ ለሬዲዮ የማይመች። ፖስት ፓንክ ነው። በ1980 ባንዱ ተከፈለ። ሁለቱ መሥራቾች ሄዱ፣ ድምፃዊው ፊል ኦኪ ስሙን ይዞ ቀረ፤ ከአንድ ዳንስ ቤት ሁለት ወጣት ሴቶችን አምጥቶ ጨመረ። በ1981 መጨረሻ «ዶንት ዩ ዎንት ሚ» አንደኛ ወጣ። እሱም ሙሉ በሙሉ በማሽን ነው። ግን ወንድና ሴት የሚከራከሩበት ታሪክ፣ ሁሉም አብሮ የሚዘፍነው አዝማች አለው። ያው ከተማ፣ ያው ድምፃዊ፣ ያው የመሣሪያ ዓይነት፤ ከፖስት ፓንክ ወደ ኒው ዌቭ ተሻገረ።

ወደ ማንቸስተሮቹ ልመለስ። የጆይ ዲቪዥን ድምፃዊ ኢያን ከርቲስ በሜይ 1980 ሕይወቱን አጠፋ። የ23 ዓመት ልጅ ነበር። የቀሩት ሦስቱ ኒው ኦርደር በሚል ስም ቀጠሉ፤ ጊሊያን ጊልበርት በኪቦርድና በጊታር ተጨመረች። በማርች 1983 «ብሉ መንደይ»ን አወጡ። ሰባት ደቂቃ ተኩል የሚሆን ዘፈን ነው። አዝማች የለውም። የወጣውም በትልቁ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ብቻ ነበር።

እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ድራሙ ኦበርሃይም ዲኤምኤክስ የሚባል ድራም ማሽን ነው። ቤዝ የሚመስለው የሚንከባለል መስመር ሙግ ሶርስ ከሚባል ሲንተሳይዘር ይወጣል። ችግሩ ሁለቱ ማሽኖች አይግባቡም ነበር። የተሠሩት በተለያየ ድርጅት ነው፣ የጋራ ቋንቋ የላቸውም። አንዱ በአንድ ፍጥነት፣ ሌላው በሌላ ይሄዳል። በመሃላቸው ሰምነር በካርቶን ከሚሸጡ ክፍሎች ገጣጥሞ የሠራው ሲክዌንሰር ገባ። ሲክዌንሰር ማለት የኖታዎችን ቅደም ተከተል ይዞ ሲንተሳይዘሩን ቁልፍ በቁልፍ የሚያጫውት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ከድራም ማሽኑ ምት ጋር እኩል እንዲሄድ በኤሌክትሮኒክስ አዋቂ እርዳታ ተጨማሪ ሰርኪዩት ተሠራለት።

ኖታዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ማስገባት ነበረባቸው። ጊልበርት እንደተናገረችው ቅደም ተከተሉን በወረቀቶች ላይ ጽፋ፣ ወረቀቶቹን በፕላስተር አያይዛ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ዘርግታ ነበር የምታስገባው። ስታስገባ አንድ ኖታ ዘለለች። ዜማው ከምቱ ትንሽ ተንሸራተተ። እንደዚያው ተዉት። ዘፈኑን ስታዳምጡ የሲንተሳይዘሩ መስመር ምቱ ላይ በትክክል ሳያርፍ ሲንገዳገድ የሚሰማችሁ ያ ነው። ሁሉም ነገር በማሽን የተሠራበት ዘፈን ውስጥ ሰው ሰው የሚል ነገር ካለ፣ እዚያ ጋ ነው። ከላይ ደግሞ ፒተር ሁክ ያንኑ የለመደውን ከፍ ያለ ቤዝ ይጫወታል፤ ሸክላው የኒው ኦርደር መሆኑ የሚታወቀው በእሱ ነው። አዝማች የሌለው፣ ድምፃዊው ስሜቱን አፍኖ የሚዘፍንበት ዘፈን በእንግሊዝ ታሪክ ከ12 ኢንች ነጠላ ሸክላዎች ሁሉ ይበልጥ የተሸጠው ሆነ። ቅርጹ ፖስት ፓንክ ነው። የሄደበት ቦታ ግን ኒው ዌቭም ያልደረሰበት ዳንስ ቤት ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ቅሬታ አልተካሄደም። በ1982 የእንግሊዝ የሙዚቀኞች ማኅበር የማዕከላዊ ለንደን ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን እንዲታገድ የሚል ውሳኔ አሳልፎ ነበር። መነሻው አሜሪካዊው ዘፋኝ ባሪ ማኒሎው ለጉዞ ኮንሰርቱ በኦርኬስትራ ፈንታ ሲንተሳይዘር መጠቀሙ ነው። ማኅበሩ እንደ ማኅበር አልተቀበለውም። ቢሆንም ቫዮሊን ተጫዋቹ ስጋቱ የፈጠራ አልነበረም። በእኛም አገር አንድ ኪቦርድ ሳክስፎኑንና ትራምፔቱን ከምሽት ክበብና ከሠርግ ቤት ሲያስወጣ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የሮክ ባንዶቹ ጉዳይ ግን ይለያል። ሰምነርም ሆነ ኑማን ኦርኬስትራ የመቅጠር አቅም ኖሯቸው አያውቅም። ማሽኑን ያነሱት ሰው ለመቀነስ አልነበረም፤ ያንን ድምፅ የሚያወጣ ሌላ መሣሪያ ስላልነበረ ነው።

«ብሉ መንደይ» በወጣበት በ1983 ሁለት ነገር ተከሰተ። ሚዲ የሚባለው የጋራ ቋንቋ መጣ፤ ሰምነር በብየዳና በተጨማሪ ሰርኪዩት ያገኘውን መግባባት ማንም ሰው በአንድ ገመድ ያገኘው ጀመር። ያማሃ ደግሞ ዲኤክስ 7ን አወጣ። አሥራ ስድስት ኖታ በአንዴ ይጫወታል፣ ቅኝቱ አይሸሽም፣ ድምፆችን በማስታወሻ ይይዛል። ዋጋውም ከ2,000 ዶላር በታች ነበር። ማዞሪያ ግን የለውም። ድምፅ ለመፍጠር በትንሽ ስክሪን ላይ ቁጥር በቁጥር መግባት አለባችሁ። ይህ አድካሚ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ፋብሪካው ያዘጋጀለትን ድምፅ እየመረጠ ተጫወተ፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ብዙ ዘፈኖች ላይ ያው አንድ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ የሚሰማውም ለዚህ ነው። ኒው ዌቭና ፖስት ፓንክን በድምፃቸው መለየት አስቸጋሪ የሆነውም ከዚህ በኋላ ነው። ሁሉም ከአንድ ማሽን ማስታወሻ ይቀዳ ነበርና።